የሰንሰለት ሕግና የሰንጠረዡ ረድፍ



የአንደኛ ዓመት ተማሪ ካልኩለስን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሚያገኛቸው ሕጎች ሁሉ በቃል ለመያዝ ቀላሉ፣ በሥራ ላይ ለማዋል ግን አሳሳቹ የሰንሰለት ሕግ ነው። ሕጉ እንደሚታወቀው በአንድ መሥመር ይጻፋል። h(x) = f(g(x)) ከሆነ፣

h′(x) = f′(g(x)) · g′(x)

ነው። ተማሪው ይህንን «የውጭኛውን ዴሪቬቲቭ በውስጠኛው ዴሪቬቲቭ ማባዛት» ብሎ በአጭር አባባል ይይዘዋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከሕጉ ውስጥ አንዱን ዋና ነገር ጥሎ ያለፈ ነው። የጎደለውም የውጭኛው ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ የት ላይ እንደሚነበብ የሚናገረው ክፍል ነው። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ በአንዱ ነጥብ ላይ ሲሆን፣ ነጥቡ በቀመር ልምምድ ተሸፍኖ እንደሚቀርና በዋጋ ሰንጠረዥ ግን እንደሚገለጥ ያስረዳል።

ቀመሩ ጉድለቱን እንዴት እንደሚሸፍነው በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ተማሪው (x² + 1)⁵ ቢሰጠው፣ 5(x² + 1)⁴ · 2x ብሎ በትክክል ይጽፋል። እዚህ ላይ ቅንፉን ከነውስጡ እንዳለ ያስቀመጠው እጁ እንጂ አእምሮው ላይሆን ይችላል። አርቢውን ወደ ፊት አውርዶ፣ ከአርቢው አንድ ቀንሶ፣ ቅንፉን ሳይነካ ገልብጦ፣ በመጨረሻ የቅንፉን ውስጥ ዴሪቬቲቭ ያባዛበታል። አሥር ጥያቄዎችን በዚህ መንገድ አከታትሎ በትክክል ቢሠራም፣ የውጭኛው ፈንክሽን የለውጥ ምጣኔ የተወሰደው በ x ላይ ሳይሆን በ x² + 1 ላይ መሆኑን አንድም ጊዜ ሳያስብ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ትክክለኛው መልስ መምህሩን ያዘናጋዋል።

ስለዚህ ቀመሩን ከተማሪው ዐይን ማራቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው የሚከተለው ዓይነት ሰንጠረዥ ነው። ስለ f እና ስለ g የሚታወቀው በሰንጠረዡ ያለው ብቻ ነው እንበል።

| x | f(x) | f′(x) | g(x) | g′(x) |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 2 | 3 | 0 | 2 |
| 2 | 6 | 5 | 3 | 4 |
| 3 | 12 | 7 | 8 | 6 |
| 4 | 20 | 9 | 15 | 8 |

ጥያቄው፦ h(x) = f(g(x)) ከሆነ h′(2) ስንት ነው? የሚል ነው። እዚህ ላይ የሚገለበጥ ቅንፍ፣ የሚወርድ አርቢ የለም። ተማሪው ማድረግ የሚችለው በሰንጠረዡ ላይ መንቀሳቀስ ብቻ ነው። በ x = 2 ረድፍ ይጀምራል፤ በዚያው ረድፍ g(2) = 3 እና g′(2) = 4 መሆኑን ያነባል። ከዚያም የ g ውጤት የሆነው 3 ለ f መግቢያ ስለሚሆን፣ ከ2ኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ 3ኛው ረድፍ ይወርዳል። በዚያም f′(3) = 7 ያገኛል። መልሱ 7 × 4 = 28 ነው። የሰንሰለት ሕግ ዋናው ምሥጢር ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው የተደረገው ይህ ጉዞ ነው።

የዚህ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ጥቅም ደግሞ የተሳሳተው መልስ ራሱ የስሕተቱን ምክንያት የሚናገር መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ የተመረጡት እያንዳንዱ የተለመደ ስሕተት የየራሱ መልስ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ተማሪው 20 ብሎ ከመለሰ፣ በ2ኛው ረድፍ ላይ እንደ ቆመ f′(2) = 5 አንብቦ በ 4 አባዝቷል፤ ማለትም ሁለት ምጣኔዎች እንደሚባዙ ያውቃል፣ ውጭኛው የት እንደሚነበብ ግን አያውቅም። 7 ብሎ ከመለሰ ወደ ትክክለኛው ረድፍ ወርዷል፤ የውስጠኛውን ምጣኔ ማባዛት ግን ረስቷል። 9 ብሎ ከመለሰ፣ በ f′ ውስጥ g(2)ን ማስገባት ሲገባው g′(2)ን አስገብቶ f′(4)ን አንብቧል፤ ይህ ተማሪ ዋጋንና የለውጥ ምጣኔን ገና አልለየም። 39 ብሎ ከመለሰ ደግሞ 5 × 3 + 6 × 4 ሠርቷል፤ ጥምር ፈንክሽንን ከሁለት ፈንክሽኖች ብዜት ጋር አምታቶታል ማለት ነው። አራቱ ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው እርማት አራት ዓይነት ነው። መምህሩ «ሕጉን እንደገና አንብቡ» ብሎ ለሁሉም አንድ ምክር ቢሰጥ፣ በተለይ 20 ያለውን ተማሪ አይጠቅመውም፤ እርሱ የያዘውን አጭር አባባል ቃል በቃል ፈጽሞታልና።

ታዲያ 28 ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ተማሪው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መምህሩም «ሕጉ እንዲህ ስለሚል» ብሎ ማለፍ አይኖርበትም። እዚህ ላይ የተደበቀውን ቀመር መግለጥ ይቻላል። ሰንጠረዡ የተሠራው f(u) = u² + u እና g(x) = x² − 1 ከሚሉት ነው። u = g(x) እና y = f(u) ብለን ብንሰይም፣ x = 2 ሲሆን u = 3፣ y = 12 ይሆናል። አሁን x ከ 2 ጥቂት ከፍ ሲል u እና y ምን ያህል እንደሚለወጡ በሁለተኛ ሰንጠረዥ ይመዝገብ።

| Δx | Δu | Δu/Δx | Δy/Δu | Δy/Δx |
|---|---|---|---|---|
| 0.1 | 0.41 | 4.1 | 7.41 | 30.381 |
| 0.01 | 0.0401 | 4.01 | 7.0401 | 28.2308 |
| 0.001 | 0.004001 | 4.001 | 7.004001 | 28.0230 |

የመጀመሪያው ረድፍ በዝርዝር ቢሠራ እንዲህ ነው። x ከ 2 ወደ 2.1 ሲያልፍ፣ u ከ 3 ወደ 4.41 − 1 = 3.41 ይሄዳል፤ ስለዚህ Δu = 0.41 ነው። y ደግሞ ከ 12 ወደ 3.41² + 3.41 = 15.0381 ይሄዳል፤ ስለዚህ Δy = 3.0381 ነው። 3.0381 ለ 0.41 ሲካፈል 7.41 ይሆናል፤ 0.41 ለ 0.1 ሲካፈል ደግሞ 4.1 ይሆናል፤ የሁለቱ ብዜት 30.381 ነው። ይህም Δy ለ Δx ሲካፈል ከሚገኘው ጋር ያለ አንዳች ልዩነት እኩል ነው። ለምን እኩል ሆነ ቢባል፣ እዚህ ላይ ያሉት ተራ ቁጥሮች፣ ክፍልፋዮቹም ተራ ክፍልፋዮች ስለሆኑ ነው። የአንደኛው ክፍልፋይ ታሕት ከሌላው ክፍልፋይ ላዕል ጋር ይጣፋል። ማባዛቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ተማሪው ዐምዶቹን ወደ ታች ይመልከት። የ Δu/Δx ዐምድ ወደ 4፣ የ Δy/Δu ዐምድ ወደ 7፣ የመጨረሻው ዐምድ ወደ 28 ይጠጋሉ። የመካከለኛው ዐምድ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። 7.41፣ 7.0401፣ 7.004001 የሚሉት ቁጥሮች 7 ላይ የየራሳቸው Δu የተደመረባቸው ናቸው። ይህ ዐምድ ወደ 5 ሳይሆን ወደ 7 የሚጠጋው፣ u እየተንቀሳቀሰ ያለው በ 3 አጠገብ እንጂ በ 2 አጠገብ ስላልሆነ ነው። በ 2 አጠገብ ያለው x ነው፤ f ግን x ከቶ አይደርሰውም። f የሚቀበለው u ን ብቻ ነው። ይህን ከሰንጠረዡ ያየ ተማሪ f′(2) ምንም ሥራ እንደሌለው ራሱ ይደርስበታል። በመጨረሻም h(x) = x⁴ − x² መሆኑን አስፋፍቶ፣ 4x³ − 2x በ x = 2 ላይ 32 − 4 = 28 መሆኑን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይችላል።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሌይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1684 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው የ d አጻጻፍ ሕጉን

dy/dx = dy/du · du/dx

አድርጎ ለማቅረብ አስችሏል። ይህ አጻጻፍ የማባዛቱን ምክንያት ፊት ለፊት ያሳያል፤ dy/du የሚነበበው በየትኛው u ላይ እንደ ሆነ ግን በጽሑፉ ላይ አይታይም። ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት የጭረት አጻጻፍ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ f′(g(x)) የንባቡን ቦታ በግልጽ ይናገራል፣ ማባዛት ለምን እንደ መጣ ግን አይናገርም። አንዱን ብቻ ያስተማረ መምህር ከሕጉ ግማሹን ደብቋል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ሁለቱን ያገናኛል፤ ዐምዶቹ የሌይብኒዝ ክፍልፋዮች ሲሆኑ፣ የሚጠጉባቸው ቁጥሮች ደግሞ የላግራንዥ g′(2) እና f′(g(2)) ናቸው።

የንባቡ ቦታ ጉዳይ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ ሦስት የተለያዩ መጠኖች ያሉበትን አንድ የተፈጥሮ ነገር መውሰድ ይጠቅማል። በደጋ አገር ውኃ ከ 100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ የታወቀ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። እንግዲህ ሙቀቱ የግፊት ፈንክሽን፣ ግፊቱም የከፍታ ፈንክሽን ነው። አማካይ የአየር ሁኔታን በያዘው መደበኛ ስሌት መሠረት ዋጋዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

| ከፍታ (ኪሎ ሜትር) | ግፊት (ኪሎ ፓስካል) | ውኃ የሚፈላበት ሙቀት (ዲግሪ ሴንቲግሬድ) |
|---|---|---|
| 0 | 101.3 | 100.0 |
| 1 | 89.9 | 96.7 |
| 2 | 79.5 | 93.3 |
| 3 | 70.1 | 90.0 |

ከ 2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውኃ በ 92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ዲግሪ ይቀንሳል? ከ 1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ግፊቱ በ 19.8 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳል፤ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር 9.9 ኪሎ ፓስካል ነው። በዚያው ርቀት ሙቀቱ በ 6.7 ዲግሪ ይወርዳል፤ 6.7 ለ 19.8 ሲካፈል በአንድ ኪሎ ፓስካል 0.34 ዲግሪ ይሆናል። 0.34 × 9.9 ወደ 3.4 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር በተወጣ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ 3.4 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ከሰንጠረዡ ሦስተኛ ዐምድ በቀጥታ ሲታይም እንዲሁ ነው።

አሁን በመጀመሪያው ሰንጠረዥ 20 ብሎ የመለሰው ተማሪ የሠራው ስሕተት እዚህ ቢደገም ምን እንደሚመስል እንመልከት። ያ ተማሪ የ x ን ዋጋ 2ን ወስዶ ለ f ሰጥቷል። እዚህ ላይ እንዲሁ ማድረግ፣ ከፍታው 2 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ግፊቱን 2 ኪሎ ፓስካል እንደ ማድረግ ነው። ግፊቱ 2 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ውኃ በ 17.5 ዲግሪ ይፈላል፤ በዚያም ቦታ ያለው የለውጥ ምጣኔ በአንድ ኪሎ ፓስካል 8 ዲግሪ ገደማ ነው። 8 × 9.9 ወደ 80 ይጠጋል። አንድ ኪሎ ሜትር ሲወጣ የሚፈላበት ሙቀት 80 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። የማይሆን ነገር መሆኑን ሽሮ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። መለኪያዎቹን መፈተሽ ከዚህ ስሕተት አያድንም። ዲግሪ በኪሎ ፓስካል፣ ኪሎ ፓስካል በኪሎ ሜትር ሲባዛ ዲግሪ በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ይህ በ 3.4ም በ 80ም ያው ነው። የመለኪያ ፍተሻ 7 ብሎ የመለሰውን፣ ማለትም ውስጠኛውን ምጣኔ የረሳውን ተማሪ ይይዘዋል፤ መልሱ ዲግሪ በኪሎ ፓስካል ሆኖ ይቀርበታልና። ከተሳሳተ ረድፍ ያነበበውን ግን አይይዘውም። እርሱን የሚይዘው «ይህ ምጣኔ የተወሰደው በየትኛው ግፊት ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ቋንቋችንም ይረዳል። f(g(x)) ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ በመጨረሻ የሚሠራው f በመጀመሪያ ይጠራል፤ ጀማሪውም ከ f መነሣት ያለበት ይመስለዋል። በአማርኛ «በዚህ ከፍታ ያለው ግፊት የሚወስነው ሙቀት» ሲባል ግን ከፍታው፣ ግፊቱና ሙቀቱ በሥራቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ተማሪው ቀመሩን ከመንካቱ በፊት ጥያቄውን በዚህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንዲናገረው ቢደረግ፣ መነሻውንና መድረሻውን ለይቶ ያውቃል።

ሰንጠረዡ የማያደርሰውን ስፍራም መግለጽ ተገቢ ነው። ክፍልፋዮቹ የሚጣፉት Δu ዜሮ ካልሆነ ብቻ ነው። አንድ መንገደኛ በሜዳ ላይ ቢጓዝ ጊዜው ያልፋል፤ ከፍታው ግን አይለወጥም፣ ስለዚህም ግፊቱ አይለወጥም። በዚያ ላይ የሙቀቱን ለውጥ ለግፊቱ ለውጥ ማካፈል በዜሮ ማካፈል ይሆናል። ሆኖም ሕጉ አልፈረሰም፤ ሙቀቱም አልተለወጠምና የለውጡ ምጣኔ ዜሮ ነው። ጉድለቱ በማረጋገጫው እንጂ በሕጉ ላይ አይደለም። የሚጠገነውም ማካፈሉን በማባዛት በመተካት ነው፦

Δy = (f′(u) + ε) · Δu

እዚህ ላይ ε ማለት አማካዩ ምጣኔ ከቅጽበቱ ምጣኔ የሚለይበት ትርፍ ነው፤ Δu ወደ ዜሮ ሲጠጋ እርሱም ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ Δu ራሱ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ε ዜሮ ነው ተብሎ ይወሰናል። ሁለቱን ወገን ለ Δx ማካፈል ምን ጊዜም ይቻላል፤ Δx ዜሮ አይደለምና። ከዚያም Δx ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሰንሰለት ሕግ ያለ እንከን ይገኛል። በሁለተኛው ሰንጠረዥ ይህ ε በዐይን ታይቶ ነበር፤ ከ 7 በላይ የተረፉት 0.41፣ 0.0401 እና 0.004001 ናቸው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ማረጋገጫውን በሙሉ ማቅረብ ባያስፈልግም፣ ክፍልፋዮቹ «ይጣፋሉ» ሲባል አንድ ሁኔታ እንደ ቀረ መንገር ግን ያስፈልጋል።

ሰንጠረዡን ለፈተና የሚያዘጋጅ መምህር ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በተጠየቀው ቦታ ላይ g(x) ራሱ በመጀመሪያው ዐምድ ካሉት ቁጥሮች አንዱ መሆን አለበት፤ ከላይ ባለው ሰንጠረዥ h′(3) ቢጠየቅ g(3) = 8 ስለ ሆነና 8 በ x ዐምድ ስለሌለ መልስ የለውም። ሁለተኛው፣ g(x) ከ x ጋር እኩል መሆን የለበትም፤ g(2) = 2 ቢሆን ኖሮ ሳይንቀሳቀስ የቀረውም ወደ ትክክለኛው ረድፍ የሄደውም አንድ መልስ ያገኙ ነበርና። ያ ጥያቄ ሕጉን የሚያውቀውን ከማያውቀው ሊለይ አይችልም። ከዚህ በተረፈ፣ በመልስ ወረቀቱ ላይ ከመጨረሻው ቁጥር በፊት «f′ የተነበበው በስንት ላይ ነው?» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ይተው። ተማሪው በዚያ ቦታ 3 ብሎ ከጻፈ ቀሪው ማባዛት ብቻ ነው።